ቲማቲሙ ጣርማበር ሲደርስ ስንት ዲግሪ ነበረ?

(በሸዋ ሮቢት በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ከአምራች አባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ስለ ቀዝቃዛ ሰንሰለት ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ በዓይኔ የመጣው ፍሪጅ ነው። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ሳታስቡ አትቀሩም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ሰንሰለት ማለት ምርቱ ከተለቀመበት ደቂቃ አንስቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ በየደረጃው ከልኩ በላይ ሳይሞቅ፣ ከልኩም በታች ሳይቀዘቅዝ መጓዙ ነው። ሰንሰለት የተባለውም አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀሩት ስለማይይዙ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ምርት፣ ስለ ቲማቲም፣ በአንድ መንገድ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር አዲስ አበባ ድረስ ስላደረገው ጉዞ ነው። ሦስት ጊዜ ጫንን። ሁለቴ ከሰርን፣ በሦስተኛው ተማርን።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና እንወጣለን፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደርሳለን፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ እናልፋለን፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ላባችንን እየጠረግን ተነስተን በዚያው ሌሊት ጋቢ የምንፈልግበት መንገድ ነው። እኔም «ሌሊት በደጋ የሚያልፍ ቲማቲም መቼም አይሞቅም» ብዬ አምን ነበር። አሁን አላምንም።

የመጀመሪያው ጭነት የሚያዝያ ነው። ልቅሚያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆየ። 60 የእንጨት ሣጥን ሞላን፤ አይሱዙው እስኪመጣ ማሳው ዳር ደረደርነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተነስቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አዲስ አበባ ገባ። ጠዋት ገዢው ሣጥኖቹን ሲከፍት 14ቱን መለሰብን። ከሥር የነበሩት ለስልሰው ፈሰዋል፣ ከላይ የነበሩት ረጥበው ሻግተዋል። ሹፌሩ «ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ነበር» አለ፤ አልዋሸም። እኛም «ደላላው አታለለን» አልን። እውነቱን ማንም አላወቀም፣ ምክንያቱም ማንም አልለካም።

በዚያ ጊዜ በእጃችን የነበረው ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ የምግብ ቴርሞሜትር ብቻ ነበር። የወጋሁበት ቦታ ግን አየሩን እንጂ ቲማቲሙን አልነበረም። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሞቀውን አየሩ ይነግረዋል፤ ቲማቲም ግን የፀሐይን ሙቀት በሥጋው ውስጥ ያከማቻል። በሚቀጥለው ቀን በ6 ሰዓት ጥላ ሥር ያለውን አየር ለካሁ፤ 33 ዲግሪ። ከዚያ ፀሐይ ከሚመታው ተክል አንድ ፍሬ ቆርጬ መርፌውን እስከ መሐሉ ወጋሁት፤ 39 ዲግሪ። ቅጠል ሥር የተሸሸገው 32 ነበር። ከአንድ ተክል የተገኙ ሁለት ፍሬዎች በሰባት ዲግሪ ይለያያሉ። ይህ ፍሬው ከማሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀት፣ የማሳ ሙቀት ይባላል።

ይህ ለምን ይጎዳል? የተቆረጠ ቲማቲም አልሞተም። ይተነፍሳል፣ የያዘውን ስኳር ያቃጥላል፣ ራሱም ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲጨምር አተነፋፈሱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ያሳለፈው አንድ ሰዓት በ25 ዲግሪ ቢቆይ ከሚያሳልፈው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ጋር እኩል ዕድሜውን ይበላል። ሌላም ምልክት አለ። ቀዩ ቀለም ከ30 ዲግሪ በላይ በደንብ አይሠራም፣ ቢጫው ግን ይሠራል። በሙቀት ወራት «ቲማቲማችን ለምን ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል?» የምትሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በሣጥን ውስጥ ቀይ ሳይሆን ብርቱካናማ ሆኖ የሚለሰልስ ቲማቲም ካያችሁ ሙቀት እንደመታው እወቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጭነት ልምጣ፤ ይህኛው የእኔ ጥፋት ነው። ሙቀቱ ከፍሬው ውስጥ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ «እንግዲያው እናቀዝቅዘው» አልኩ። በርሜል ከመስኖው ቦይ ሞላንና ቲማቲሙን ከነሙቀቱ እየነከርን አወጣን። ቴርሞሜትሩ ሲወርድ እያየሁ ደስ አለኝ። በዚያው ምሽት ጫንን። አዲስ አበባ ከደረሰው 60 ሣጥን ውስጥ 23ቱ ተጣለ። ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ።

የበሰበሱትን አንድ ሁለቱን ይዤ ተመልሼ በቢላ ሰንጥቄ አየሁ። ብስባሱ የጀመረው ከመጋጫው ወይም ከሥሩ አልነበረም። ከእንብርቱ ነበር፣ ማለትም ግንዱ ከተነቀለበት ጠባሳ ነበር፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኋላ የእርሻ ባለሙያ ጠይቄ ምክንያቱን ተረዳሁ። በፍሬው ሥጋ ውስጥ አየር አለ። ትኩስ ፍሬ በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ይህ አየር በድንገት ይኮማተራል፤ የጎደለውን ለመሙላት በእንብርቱ በኩል ውሃውን ይመጥጣል። ልክ እንደ ዋግምት ነው። የቦይ ውሃ ደግሞ ንጹሕ አይደለም፣ የሚያበሰብሰውን ተሕዋስ ይዞ ገባ። የቆዳው ውጭ ቢታጠብም ውስጡ ተመርዟል። ለዚህ ነው ቲማቲም በሚያጥቡ ትልልቅ ማሸጊያ ቤቶች ውሃው ከፍሬው በ5 ዲግሪ ገደማ የሞቀ እንዲሆን፣ ክሎሪንም እንዲጨመርበት የሚያደርጉት። እኛ የሠራነው በትክክል ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከንግግሬ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙ፦ ትኩስ ቲማቲም በቀዝቃዛ ውሃ አይነከርም። ማጠብ ከተፈለገ ፍሬው በጥላ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በንጹሕ ውሃ ይሁን፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

በዚሁ አጋጣሚ ብስባሱ የት እንደጀመረ ማየትን ልምድ አድርጉት፣ ምክንያቱም ቦታው ጥፋቱን ይናገራል። ከእንብርቱ የጀመረ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ከጎኑ በተጨፈለቀ ወይም በተቧጨረ ቦታ ከጀመረ ከሣጥኑ ወይም ከአጫጫኑ ነው። ከላይኛው ሣጥን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሸራውን ተጠራጠሩ። ይህን የመጨረሻውን ልግለጽ። አይሱዙው ጣርማበር ሲወጣ ሸራው ከውጭ ይቀዘቅዛል። ከሥር ያለው ትኩስ ቲማቲም የሚያወጣው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ሸራ ጋር ሲገናኝ ወደ ውሃነት ይለወጥና መልሶ በላይኛው ሣጥን ላይ ይንጠባጠባል። ሌሊት ድስት ክዳን ላይ የሚጠራቀመውን ላብ አስቡት። በመጀመሪያው ጭነት ከላይ ረጥቦ የሻገተው ዝናብ ገብቶበት አልነበረም። ራሱ ቲማቲሙ ነው ያዘነበው።

ከሦስተኛው ጭነት በፊት አንድ ወር ሙሉ ብቻ ለካን። ሙቀትን በየአሥር ደቂቃው እየመዘገበ የሚይዝ፣ ሎገር የሚሉት ትንሽ መሣሪያ ደጋፊዎቻችን ሰጥተውን ነበር። እርሱን በሌሎች አርሶ አደሮች ጭነት ላይ አስፈቅደን፣ በጭነቱ መሐል ባለው ሣጥን ውስጥ አኖርነው፤ እንዳይጠፋም በቀይ ገመድ አሰርነው። አንዱ ጭነት ሸዋ ሮቢትን ሲለቅ መሐሉ 36 ነበር። ጣርማበር ላይ የውጭው አየር 9 ሲሆን የመሐሉ ሣጥን 34 ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ከዳር ያለው ሣጥን 17 ወርዷል፤ መሐሉ ግን ገና 31 ነበር። ሹፌሩ እውነት ብሏል፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ነበር። ብርዱ ግን ወደ መሐል አልገባም። ተጠጋግቶ የተደረደረ ቲማቲም እንደ ጋቢ ራሱን ያሞቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ካየን በኋላ ሥራው ግልጽ ሆነ። ጣርማበር ያለ ክፍያ የሚሠራ ፍሪጅ ነው፣ እኛ በሩን ዘግተን ነበር የምናልፈው። ሙቀቱም ገና በማሳው እንዲቀንስ ማድረግ ይሻላል፣ ምክንያቱም መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ጭነት ልቅሚያውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። በዚያ ሰዓት የፍሬው መሐል ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ነበር። ይህ ብቻውን ከሁሉም የበለጠ ሥራ ሠራ፣ ገንዘብም አልወጣበትም። ፀሐይ ከማሞቁ በፊት የለቀምነውን ፍሬ በማሽን ማቀዝቀዝ አያስፈልገንም። ቀኑን ግን የት ያሳልፍ? ለዚህ ነው እርጥብ ግድግዳ ያለውን ክፍል የሠራነው።

ዘዴው ከሕንድ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር በሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም የተሠራ ሲሆን ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሁለት የጡብ ግድግዳ በሰባት ተኩል ሳንቲሜትር ክፍተት ጎን ለጎን ይቆማል፤ በመሐል አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ይረጥባል፤ ከላይ የሣር ጥላ ይደረግበታል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእንስራ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በእንስራው ሆድ ላይ የሚያልበው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ክፍላችን ትልቅ እንስራ ነው። በዚያ ቀን ውጭው 34 ሲሆን ውስጡ 24 ነበር።

ይህ ክፍል የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ውሃው አይተንም፣ ካልተነነም አያቀዝቅዝም። ስለዚህ ዛሬ ይሠራል አይሠራም ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለን። ሁለት ቴርሞሜትር በጥላ ጎን ለጎን ስቀሉ፤ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉና አርግቡበት። ደረቁ 34፣ እርጥቡ 21 ካሳየ ክፍሉ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል፣ ከ21 በታች ግን ፈጽሞ አይወርድም። ልዩነታቸው ሦስት ወይም አራት ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ሐምሌና ነሐሴ ቀናት፣ ክፍሉ ብዙ አይጠቅምም፤ በዚያ ጊዜ ቲማቲሙን በጥላ አናፍሳችሁ በዚያው ቀን መሸጥ ይሻላል። የግድግዳው ውጭም በእጅ ሲነካ ለብ ካለ አሸዋው ደርቋል ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ማጠጣት ረስተን ክፍሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ 31 ደርሷል።

ምሽት ላይ ስንጭን በሣጥን ረድፎች መካከል የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተውን። ሹፌሩም ደብረ ሲና ሲደርስ የሸራውን ፊትና ኋላ እንዲገልጥ፣ ዝናብ ከመጣ ብቻ እንዲዘጋ ተስማማን። የሌሊቱ ብርድ ይጎዳዋል ብላችሁ አትስጉ፤ ቲማቲምን ብርድ የሚጎዳው በሰዓታት ሳይሆን በቀናት ነው። መሐሉ ሸዋ ሮቢትን ሲለቅ 24፣ ደብረ ብርሃን ላይ 21፣ አዲስ አበባ ሲገባ 19 ነበር። ከ60 ሣጥን የተመለሰው 4 ነው። እነዚያም አራቱ ከጎናቸው የተጨፈለቁ ናቸው፤ ይህ የእንጨት ሣጥኑ ጥፋት እንጂ የሙቀት አይደለም። ልብ በሉ፣ ሣጥኑን ሆን ብለን አልቀየርንም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንቀይር የትኛው እንደረዳን አናውቅም ነበር። አንድ ጭነት ማስረጃ አይባልም፣ ግን ቁጥሮቹ በየደረጃው አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። በመንገዳችን ላይ ትልቅ ቀዝቃዛ ክፍል ተሠርቶ በ4 ዲግሪ ሲሠራ አይቻለሁ። በዚያ ውስጥ ቲማቲምና ማንጎ አሥር ቀን ተቀመጠ። ሲወጣ ያማረ ይመስል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቆዳው ጎደጎደ፣ ቲማቲሙ መቅላቱን አቆመ፣ ማንጎውም ሳይበስል ጠቆረ። ይህ የብርድ ጉዳት ነው። ገና ያልቀላ ቲማቲም ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ማንጎና ፓፓያም በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀመጣሉ። ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሽንኩርት የሚፈልገው ደረቅና የሚናፈስ ቦታ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይቆያል፤ እርጥብና መካከለኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲገባ ግን ያበቅላል፣ ሥር ያወጣል። ሽንኩርትን በእርጥብ ግድግዳው ክፍል ማስገባት ማለት መዝራት ማለት ነው። ስለዚህ «አንድ ትልቅ ፍሪጅ እንስጣችሁ» ብትሉን በደስታ እንቀበላለን፣ ግን መጀመሪያ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆም እንጠይቃለን። ከዚያ በፊት የሚያስፈልገን ሎገርና ጎኑ የማይጨፈልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ነው።

በመጨረሻ ስለ ቴርሞሜትሩ ራሱ። የሚዋሽ ቴርሞሜትር ከሌለ ይሻላል፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ፈትሹት። ብርጭቆ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ፣ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ፤ መርፌውን ብርጭቆውን ሳይነካ መሐል አቁሙና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ዜሮ ማሳየት አለበት። አንድ ሁለት ዲግሪ ቢያሳይ መዝግባችሁ ሁልጊዜ ቀንሱ። በፈላ ውሃ ለመፈተሽ የምትሞክሩ ካላችሁ ግን አትሳሳቱ፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ96 ገደማ ነው። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ «ተበላሽቷል» ብለን የጣልነው አንድ ቴርሞሜትር አለ።

ደብተራችን አራት ዓምድ አለው፦ ሲለቀም፣ ሲጫን፣ ደብረ ብርሃን ሻይ ሲጠጣ፣ ሲራገፍ። የደብረ ብርሃኑን የሚሞላው ሹፌሩ ነው፤ መጀመሪያ ሳቀብን፣ አሁን ግን ራሱ ደውሎ ይነግረናል። የሐምሌና የነሐሴ ገጾች ገና ባዶ ናቸው። በክረምት እርጥብ ግድግዳው ስንት ቀን እንደሚሠራ የምናውቀው ሁላችሁም በየቀበሌያችሁ ሁለቱን ቴርሞሜትር ሰቅላችሁ ጠዋትና ከሰዓት ስትመዘግቡልን ነው። ጨርቁንና ቴርሞሜትሩን ከስብሰባው በኋላ ከእኔ ዘንድ ውሰዱ።